መጥኖ መደቆስ

ልጄ፣ ትናንት ማታ በር ላይ ቆመሽ «ጋሼ፣ ትምህርት ቤቱ ለምሳ የሚሆን እንጀራ በቀን 150 አቅርቢ ብሎኛል፤ ፕሮፎርማ አምጪ ተብያለሁ፤ ምን ብዬ ልጻፍ?» ስትይኝ ቶሎ መልስ ያልሰጠሁሽ ስላልገባኝ አይደለም። ስለገባኝ ነው። አንቺ የምታውቂኝ ጋዜጣ ይዞ ደጅ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ ጡረተኛ ሆኜ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሃያ ስድስት ዓመት እዚሁ አዲስ አበባ አንድ ሆቴል መጋዘን ውስጥ እየቆጠርኩ ስረከብ፣ እየፈረምኩ ስቀበል ኖሬአለሁ። እንጀራ አቅራቢ ሲመጣም ሲባረርም አይቻለሁ። ስለዚህ የምመክርሽ እንደ ጋጋሪ ሳይሆን ከጠረጴዛው ማዶ እንደተቀመጠ ሰው ነው።

መጀመሪያ ፕሮፎርማሽ የሚደርስበትን ቦታ ላሳይሽ። ገዢው አንድ ወረቀት ብቻ ይዞ አይወስንም፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ይሰበስባል። አንድ ቀን ሦስቱ ወረቀቶች ጠረጴዛችን ላይ ተደርድረው አለቃችን፣ ሼፉና እኔ ቁጭ ብለን አየናቸው። አንደኛው «እንጀራ፣ አንዱ በዚህን ያህል ብር» ብሎ ፈርሞ ማኅተም መትቷል፤ ከሁሉም ርካሽ እሱ ነበር። ሁለተኛው ሴትዮዋ በስልክ የነገረችንን ዋጋ የግዥ ሠራተኛችን በእስክሪብቶ የጻፈው ነው። ሦስተኛው ከርካሹ ትንሽ ይበልጣል፤ ግን የጤፉን ዓይነት፣ የእንጀራውን ስፋት፣ በስንት ሰዓት ወጥ ቤት በር ላይ እንደሚደርስ፣ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና ይናገራል። ሼፉ ርካሹን አንሥቶ «ይኼ መጥቶ ያደርስልናል ወይስ እኛ ሄደን ልንወስድ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ማናችንም መልስ አልነበረንም። ሲደወልለት ማድረሻው ለብቻ የሚከፈል ሆኖ ተገኘ። ያ ሲደመርበት ርካሽነቱ ቀረ። ሥራውን ሦስተኛዋ ወሰደችው። ገዢ ከውድ ዋጋ ይልቅ የሚፈራው ኋላ ብቅ የሚል ወጪን ነው፤ በአለቃው ፊት የሚያሳፍረው እሱ ነውና።

እንግዲህ ከወረቀቱ በፊት ምጣዱን እንጠይቅ። ሰው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላል። አንቺ ለሰፈር ስትሸጪ ዋጋሽን ከጎረቤት ነው የወሰድሽው፤ እነሱ ስንት ሲሉ አንቺም ስንት። ለትምህርት ቤት ይህ አይሠራም፤ ለወራት የሚያስርሽ ቁጥር ነውና። በዚህ ሳምንት አሥር ኪሎ ዱቄት መዝኚና ለብቻው አቡኪው። አብሲቱንም እንደ ወትሮሽ ጣዪ፤ እንግዳ ይመጣል ብለሽ አታሳምሪው። ስትጋግሪ የወጣውን ሁሉ ቁጠሪ፤ ከዚያ የተቀደደውን፣ ዓይን ያላወጣውን፣ የምጣዱ ሙቀት ሳይስተካከል የሚወጣውን የመጀመሪያውን እንጀራ ለብቻ አስቀምጪና እሱንም ቁጠሪ። ለስሌት እንዲመቸን 50 ወጥቶ 3ቱ ለሽያጭ የማይሆኑ ናቸው እንበል። የምትሸጪው 47 ነው፤ በ50 ያሰላ ሰው በየቀኑ ሳያውቀው ይሰረቃል። በዚህ ሂሳብ 150 እንጀራ 32 ኪሎ ያህል ዱቄት ይበላል፤ 22 የትምህርት ቀን ባለው ወር ሰባት ኩንታል መሆኑ ነው።

አሁን ጤፉ ተበጥሮና ተፈጭቶ ኪሎው 155 ብር ይመጣልሻል እንበል፤ አንቺ በዚያ ቦታ የሳምንቱን የእህል በረንዳ ዋጋ አስገቢ። የዱቄቱ ብቻ በቀን 4,960 ብር ነው። የረዳቷ፣ የመብራቱ፣ የባጃጁና የመጠቅለያው ተደምሮ 900 ብር ቢሆን በቀን ከእጅሽ የሚወጣው 5,860 ነው፤ ለአንድ እንጀራ 39 ብር መሆኑ ነው። በ45 ብትሸጪ የአንቺ ድካምና ትርፍ 6 ብር ነው። አየሽ፣ አሁን የግዥ ሠራተኛው «42 አድርጊልን» ቢልሽ ከምን ላይ እንደምትቀንሺ ታውቂያለሽ፤ ከ6ቱ ግማሹን ነው የጠየቀሽ። ይህን ሳያውቁ «እሺ» የሚሉ ናቸው በሦስተኛው ሳምንት እንጀራው የሚያንስባቸው።

እንጀራ ሲያንስ የመጋዘን ሰው አያውቅም ብለሽ እንዳታስቢ። እኔ ግድግዳዬ ላይ አንድ ሰፌድ ሰቅዬ ነበር። የመጀመሪያ ቀን የመጣው እንጀራ ከሰፌዱ ጠርዝ ጋር እኩል ነበር፤ እሱን ምልክት አድርጌ በየጊዜው አንድ እንጀራ አነሣና ሰፌዱ ላይ እዘረጋዋለሁ። አንዱ አቅራቢያችን ሲጀምር እንጀራው ሰፌዱን አልፎ ይንጠለጠል ነበር፤ ሼፉ ደስ ብሎት ለሁሉም አወራ። ወር ሳይሞላ ሁለት ጣት ገባ፣ ከዚያ አራት ጣት። እንግዲህ የማይዘልቅ ማኅበር በጠጅ ይጀመራል ማለት ይኼ ነው። ከመጀመሪያውም በልኩ ቢያመጣ ኖሮ ማንም ምንም አይለውም ነበር፤ ያጠፋው ራሱ የመጀመሪያ ሳምንቱ ልግስና ነው። አንቺ በናሙናው ቀን የምታመጪው እንጀራ በግንቦት ወር ደክሞሽ፣ ጤፍ ተወድዶ የምትጋግሪው እንጀራ ይሁን።

አሁን ወረቀቱን እንጻፍ። ከላይ ስምሽ፣ የንግድ ፈቃድሽ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርሽ፣ ስልክሽና ቀኑ ይግቡ። ቲን ከሌለሽ መጀመሪያ እሱን አውጪ። ድርጅት ሲከፍልሽ ቅድመ ግብር ቆርጦ ያስቀራል፤ ለብዙ ዓመት 2 በመቶ ነበር፣ ሕግ ሲሻሻል መጠኑ ስለሚቀየር አሁን ያለውን ከገቢዎች ጠይቂ። መለያ ቁጥር ለሌለው ግን ሕጉ 30 በመቶ አስቆርጧል፤ ያ ትርፍሽን ብቻ ሳይሆን ጤፉንም ይዞ ይሄዳል። የሚቆረጥብሽን ደረሰኝ አትጣዪው፤ በዓመቱ መጨረሻ ከግብርሽ ላይ የሚታሰብልሽ ገንዘብ ነው። ዋጋሽ ታክስን ያካተተ ይሁን ያላካተተ፣ እሱንም በአንድ ቃል ጻፊ።

ከዚያ ዕቃው። «እንጀራ» ብለሽ አታቁሚ። የእኔ አጻጻፍ እንዲህ ይሆን ነበር፦ «ከነጭ ጤፍ ብቻ የተጋገረ፣ ሌላ እህል ያልተቀላቀለበት፣ ስፋቱ 55 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንጀራ፤ በዕለቱ የተጋገረ፤ በቀን 150፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወጥ ቤት በር ድረስ የሚደርስ፤ የአንዱ ዋጋ ማድረሻን ጨምሮ 45 ብር።» ስፋቱን ከምጣድሽ ለኪ እንጂ ከእኔ አትውሰጂ። ሰርገኛ ከሆነ ሰርገኛ በዪ፤ ማኛ ካልሆነ ማኛ አትበዪ። ትምህርት ቤቱ አቅሙ ካልፈቀደ ራሱ «ሩዝ ቀላቅለሽ ዋጋውን ቀንሺልን» ሊልሽ ይችላል፤ ያኔ እንደተስማማችሁት ምን ያህል እንደሚገባበት ይጻፋል። ሳይነገር የሚገባ ሩዝ ግን በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ይናገራል፤ እንጀራው ይደርቅና ሲጠቀልሉት ይሰነጠቃል። ወጥ ቤቶቹ ከአንቺ ባልተናነሰ ይህን የሚያውቁ እናቶች ናቸው።

የብዛቱ ነገር ብዙ ጋጋሪ የሚረሳው ነው። ትምህርት ቤት ሆቴል አይደለም፤ አንድ ክፍል ለጉብኝት ይሄዳል፣ ፈተና ሲሆን ግማሽ ቀን ይዋላል፣ የበዓል ዋዜማ ልጆቹ ይቀንሳሉ። ማታ ደውለው «ነገ 90 ብቻ» ይሉሻል። ሊጡ ግን የተቦካው ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ነው፤ ክረምትና ብርድ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። የቦካ ሊጥ ወደ ዱቄት አይመለስም። ስለዚህ «የብዛት ለውጥ ከሁለት የሥራ ቀን በፊት ይነገራል፤ ከዚያ ወዲህ የሚነገር ቅናሽ በታዘዘው ልክ ይከፈላል» ብለሽ ጻፊ። ምክንያቱንም በቃል አስረጃቸው። እኔ መጋዘን ሳለሁ ይህን በወረቀት የጻፈች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ አለቃችን አንብቦ «ሥራዋን ታውቃለች» አለ። ያስቆጣቸዋል ብለሽ የምትፈሪው ዓረፍተ ነገር ነው እምነት የሚሰጣቸው።

ዋጋው እስከ መቼ? እዚህ ላይ ቆም በዪ። ትምህርት የሚጀምረው መስከረም ነው፤ ጤፍ የሚወደደው ደግሞ አሮጌው አልቆ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ባለበት በዚያው ወቅት ነው። አዲሱ ታጭዶና ተወቅቶ ገበያ ሲሞላ፣ ከታኅሣሥ ወዲህ፣ ብዙ ጊዜ ይረግባል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ መልሶ መውጣት ይጀምራል። በመስከረም ዋጋ ለአሥር ወር ከፈረምሽ በጥር ትጠቀሚያለሽ፤ እነሱም ይህን አይተው ያኮርፋሉ። በጥር ዋጋ ከፈረምሽ ደግሞ በሰኔ ታለቅሻለሽ። ስለዚህ «ይህ ዋጋ እስከ ታኅሣሥ 30 ይጸናል፤ ከዚያ በኋላ በየሦስት ወሩ የነጭ ጤፍ የእህል በረንዳ ዋጋ ታይቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ይስተካከላል» በዪ። «ወደ ታችም» የምትለዋን ቃል አታጥፊያት። በጥር ወር ራስሽ ሄደሽ «ጤፍ ቀንሷል፣ ሁለት ብር ቀንሻለሁ» ብትያቸው፣ በግንቦት ስትጨምሪ ማንም አይከራከርሽም።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ፤ ሌሊቱን ያነቃኝ እሱ ነው። ድርጅት እጅ በእጅ አይከፍልም። የወሩን ጠቅልለሽ ደረሰኝ ታስገቢያለሽ፤ ሂሳብ ክፍል አይቶ፣ ፈራሚ ተፈልጎ ቼኩ በ15 ቀን ይወጣል እንበል። እስከዚያ 33 ቀን ያህል ጋግረሻል። በቀን 5,860 ብር በ33 ሲባዛ ወደ 193,000 ብር ነው። ልጄ፣ ይህ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ትርፍሽ ወረቀት ላይ አለ፤ ኪስሽ ግን ባዶ ነው። ብዙ አቅራቢ ሲወድቅ ያየሁት በመጥፎ እንጀራ አይደለም፣ ደንበኛ ጠፍቶበትም አይደለም፤ ያልተከፈለው ገንዘብ ውስጥ ሰምጦ ነው። ከወፍጮ ቤት በዱቤ ይጀምራል፣ ከዚያ ነጋዴው የሰጠውን ጤፍ ይቀበላል፣ እንጀራው ይጠቁራል፣ መጋዘኑ ይመልሳል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሲባል ሰምተሽ የሳቅሽበት ተረት ትርጉሙ በሁለተኛው ወር ይገባሻል።

ስለዚህ የአከፋፈሉን መስመር ከዋጋው እኩል አክብሪው። «ክፍያ በየ15 ቀኑ፤ ደረሰኝ ከቀረበ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ» ብትዪ በሰው እጅ የሚቆየው ገንዘብሽ የ16 ቀን ያህል፣ ወደ 94,000 ብር ይወርዳል። እሱም ቀላል አይደለም፤ ግን ዕቁብሽ ሲወጣ የምትሸከሚው ነው። «የለም፣ እኛ በወር ነው የምንከፍለው» ካሉሽ ሁለት መንገድ አለሽ፤ ወይ ብዛቱን ቀንሰሽ በ70 ጀምሪ፣ ወይ ይቅርብሽ። በ70 መጀመር ውርደት አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አንድ ነገር በጆሮሽ ልንገርሽ። አንዳንዱ የግዥ ሠራተኛ «ለእኔስ?» ይልሻል። በግልጽ አይልም፤ «ዋጋው ላይ ትንሽ ጨምሪና እንነጋገራለን» ይላል። ከጨመርሽ ያ ሰው በተቀየረ ማግስት አዲሱ መጥቶ ዋጋሽን ከገበያ ጋር ያስተያያል፤ ሌባዋ አንቺ ሆነሽ ትገኛለሽ። «ዋጋዬ በወረቀቱ ላይ ያለው ነው» በዪና ዝም በዪ። ሥራው ቢቀርም ይቅር።

ተፈርሞ ሲጀመር ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሰዓቱን ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሪ። 3 ሰዓት ወጥ ቤት በር ላይ ለመገኘት 2 ሰዓት ተኩል መነሣት አለብሽ። ከዚያ በፊት ቢያንስ አንድ ሰዓት የመጨረሻዎቹ እንጀራዎች መብረድ አለባቸው። በአንድ ምጣድ በሰዓት 17 ያህል ካወጣሽ ለ150 ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል፤ በሁለት ምጣድ አራት ሰዓት ተኩል። ስለዚህ ሌሊት 9 ሰዓት ሳይሞላ ምጣዱ መጋል አለበት። በአንድ ምጣድ ይህን ሥራ አትውሰጂ። ሁለቱን ኤሌክትሪክ ምጣዶች የቤቱ መስመር ይሸከም እንደሆነም ባለሙያ ጠርተሽ አሳዪ፤ ሶኬቱ የሚሞቅ፣ ሽቦው የሚሸት ከሆነ ያ ማስጠንቀቂያ ነው።

ትኩስ እንጀራ አትደራርቢ። ይህን አንቺም ታውቂያለሽ፤ ሲረፍድብሽ ግን ትረሺዋለሽ። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ውሃ ይሆናል፣ እንጀራው እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያማረው ቀትር ላይ ሲነሣ ይቦጨቃል። ያኔ ወጥ ቤቷ «የዛሬው ተቀድዶ ነው የመጣው» ትላለች፤ አንቺ ደግሞ «ደህና ነበር» ትያለሽ፤ ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። ስትጭኚ በ25፣ በ25 ለይተሽ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዪ። ስድስት ጥቅል ማለት 150 ነው፤ ተረካቢው በሁለት ደቂቃ ይቆጥራል። ሁለት ተጨማሪ አድርጊና ለብቻ አስቀምጪ፤ የተቀደደ ቢገኝ እዚያው ትተኪያለሽ። ይህን የምታደርግ አቅራቢ ነበረችን፤ ያመጣችውን መቁጠር ካቆምኩ በኋላም ስሕተት አላገኘሁባትም።

ሳታስፈርሚ አትመለሺ። ባለ ሁለት ቅጂ የማስረከቢያ ደብተር ግዢ፤ ቀን፣ ብዛት፣ የተመለሰ ካለ የተመለሰው፣ የተረካቢው ስምና ፊርማ። አንዱ ቅጂ ለእነሱ፣ አንዱ ላንቺ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን ሞዴል 19 ሳይቆረጥ ሂሳብ ክፍል አይነካሽም፤ የግሉም የራሱ የገቢ ሰነድ አለው። የ15 ቀኑ ደረሰኝሽ ከእነዚህ ወረቀቶች ድምር ጋር አንድ ካልሆነ ክፍያሽ ይዘገያል፤ ማንም ሊበድልሽ ፈልጎ አይደለም፣ ሂሳብ ሠራተኛው ልዩነቱን ካላወቀ አይፈርምም።

መብራት ግን ይጠፋል። እዚህ አገር ጋግሮ መብራት አይጠፋብኝም የሚል የለም። አንድ ቀን ሌሊት 11 ሰዓት ቤቴ ስልክ ጮኸ። እንጀራ አቅራቢያችን ናት፤ «መብራት ከ9 ሰዓት ጀምሮ የለም፤ በእንጨት 60 ይደርሳል፤ ለቀረው ጎረቤቴን ይዣለሁ፣ ግን የእሷ ሰርገኛ ነው፤ ይሁን?» አለችኝ። «ይሁን» አልኳት፤ ለሼፉም ነገርኩ፤ ምሳ በሰዓቱ ወጣ። ሌላኛው ከእሷ በፊት የነበረው ግን በእንደዚያ ያለ ቀን ስልኩን ዘግቶ ከምሳ በኋላ እንጀራ ጭኖ ከች አለ። እንግዳው በልቶ ሄዷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በእንጀራው ላይ ምንም እንከን አልነበረም፤ እኛ ግን በዚያው ሳምንት አዲስ ፕሮፎርማ መሰብሰብ ጀመርን። አንቺም ከወዲሁ በእንጨት የሚሠራ ምጣድና ደረቅ እንጨት አዘጋጂ፤ ከሁለት ጋጋሪ ጎረቤቶች ጋር ደግሞ ዛሬ ተነጋገሪ፣ ሲቸግርሽ አይደለም። ጤፋቸውንና የምጣዳቸውን ስፋት እወቂ፤ ለእነሱም ሲቸግራቸው አንቺ ትደርሻለሽ። ስልክ ደግሞ ችግሩ በታወቀ ሰዓት እንጂ ሰበብ ከተገኘ በኋላ አይደወልም።

ውል ሊያመልጥሽ ሲል ምልክት አለው። ተረካቢው ያቆመውን ቆጠራ መልሶ ይጀምራል። ወጥ ቤቷ ከእያንዳንዱ ጥቅል ሥር አንድ መዝዛ ታያለች። የግዥ ሠራተኛው «የንግድ ፈቃድሽን ቅጂ እንደገና አምጪ» ይላል። ከእነዚህ አንዱን ስታዪ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ወጥ ቤቷን ለብቻ አግኝተሽ «ምን ጎደለ?» ብለሽ ጠይቂያት። አለቃው ትህትና ያበዛል፣ እሷ ግን እውነቱን ትነግርሻለች፤ ጎምዝዟል ትልሻለች፣ ወይም ረፍዶ ነው የመጣው፣ ወይም ሳስቷል። ጎምዝዞ ከሆነ እርሾው በዝቷል ወይም ሊጡ ቆይቷል፤ በሚቀጥለው ሊጥ የሚስተካከል ነው። ካልጠየቅሽ ግን የሚነግርሽ ደብዳቤ ነው።

አንድ ሳምንት የሙከራ ጊዜ ራስሽ አቅርቢላቸው፤ በ70 እንጀራ፣ በዚያው ዋጋ፣ ደረሰኙ በሳምንቱ መጨረሻ የሚከፈል። በዚያ ሳምንት ትምህርት ቤቱ አንቺን ይፈትናል፤ አንቺም ሂሳብ ክፍሉን ትፈትኛለሽ። ለአምስት ቀን እንጀራ አሥራ አምስት ቀን ካመላለሱሽ ለዓመቱ ምን እንደሚያደርጉሽ አወቅሽ።

አሥር ኪሎውን ዛሬ መዝነሽ አቡኪ። ስትጋግሪው የወጣውንም የተበላሸውንም ቁጥር ጽፈሽ፣ ከፕሮፎርማው ረቂቅ ጋር እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አምጪልኝ። ሰፌዱ አሁንም እኔ ዘንድ አለ።